ስምንት ቀን በኪሱ

የጉጠትን መንጋጋ የሰበረው የወንድሜ ቡጢ ነው። ቡጢው የት እንዲያርፍ ያሳየው ግን የእኔ ክር ነበር።

ጉጠት የፌራዮዎቹ ካቦ ነው፤ ፌሮውን፣ የአርማታውን ብረት፣ የሚቆርጡትን፣ የሚያጥፉትንና የሚያስሩትን ሃያ ሁለት ሰዎች የሚመራ አለቃ። ስሙን ያወጡለት እጁን አይተው ነው፤ የጨበጠውን አይለቅም። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የአናጺዎቹ ካቦ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ፌሮ ማጠፊያው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ሃምሳ ሰው እያየ፣ ወንድሜ ጉጠትን በኮሌታው ይዞ ሦስት ጊዜ መታው። የመጀመሪያው አፍንጫው ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው አፉ ላይ። ሦስተኛው ሲያርፍ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ጉጠት በጉልበቱ ወደቀና ሁለት ጥርስ መዳፉ ላይ ተፋ። ትንሽ አያቸው፤ ከዚያ እንደተረፈ ሚስማር ኪሱ ከተታቸው።

ወንድሜ ከበላዩ ቆሞ፣ በአንተ ስንፍና የሰዎቼ ልጆች ጦማቸውን አያድሩም አለው። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። "አይደለም እንዴ፣ ተማሪው? ቀዩ እሱ ላይ አይደለም?"

ቀዩ እሱ ላይ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ግድግዳው መናገር አለብኝ። ውጭ አገር ተምሬ ከተመለስሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ ሥራውን ያገኘሁትም በወንድሜ አፍ ነው። የአምስት ፎቅ ሕንጻ የሥራ ዕቅድ አውጪ ሆንሁ። ቢሯችን ኮንቴይነር ነበር። የኮንቴይነሩን አንድ ጎን በካርድ ሞላሁት፤ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ካርድ። ካርዱ ላይ የሥራው ስም፣ የሚፈጀው ቀንና የካቦው ስም ይጻፋል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው የማይጀመር ከሆነ ሁለቱን በጥቁር ክር አያይዛቸዋለሁ። ለምሳሌ ዓምዱ ሳይቆም የላዩ ሶሌታ፣ የፎቁ ወለል ማለት ነው፣ የሚሞላበትን ሳንቃ መዘርጋት አይቻልም፤ ሳንቃው ሳይዘረጋ፣ ፌሮውም ሳይታጠፍ፣ ፌሮ ማሰር አይቻልም፤ ፌሮው ሳይታሰር አርማታ አይሞላም። ከመጀመሪያው ካርድ እስከ መጨረሻው ብዙ መንገድ አለ። በየመንገዱ ላይ ያሉትን ቀኖች ስትደምር ብዙ ቀን የሚወጣው መንገድ ሕንጻው መቼ እንደሚያልቅ ይወስናል። እሱን በቀይ ክር አደርገዋለሁ። ቀዩ ላይ ያለ ሥራ አንድ ቀን ቢዘገይ ሕንጻው በሙሉ አንድ ቀን ይዘገያል። ከቀዩ ውጭ ያለ ሥራ ግን ማንንም ሳይጎዳ የሚዘገይበት ትርፍ ቀን አለው።

ሠራተኞቹ የሸረሪት ድር አሉት፤ እኔንም ሸረሪቱ። ጉጠት በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳው ፊት ቆሞ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፣ ይሄ ግን እኛን እንዳያስረን ብሎ አሳቀን። እኔም ሳቅሁ።

የሳይቱ ሥራ አስኪያጅ ግን አልሳቀም። ጎማው ይሉታል፤ ከውሃ መሳቢያ ቱቦ የተቆረጠ ክንድ የሚያህል ጎማ ከእጁ አይለይም። የቀን ሠራተኞች ጀርባቸው ላይ ምልክቱ አለ። ጎማው ቀዩን ክር ሲያይ ዓይኑ በራ። እኔ ቀዩ ማለት እዚህ ላይ እንረባረብ፣ ሰው እንጨምር፣ ችግሩን ቀድመን እንየው ማለት ነው እያልሁ አስረዳሁት። እሱ የሰማው ሌላ ነው። በየማለዳው ካቦዎቹን ሰብስቦ ጎማውን እጁ ላይ መታ መታ እያደረገ፣ ዛሬ ቀዩ ማን ላይ ነው ብሎ ይጠይቃል። በአንድ ወር ውስጥ በሳይቱ ላይ ቀይ ማለት ወንጀለኛ ማለት ሆነ። ሰው ሲሰደብ እንኳ "ቀይ ይዙርብህ" መባል ተጀመረ።

ያን ሳምንት ሰኞ ሦስተኛው ሶሌታ በአርማታ ተሞላ። ጎማው ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ካልተመታ ሁላችሁንም አራግፌ ሌላ ቡድን አስገባለሁ ብሎ ማለ። ለአራተኛው ሶሌታ ዓምዶቹ አራት ቀን፣ ሳንቃው ስድስት ቀን፣ በድምሩ አሥር ቀን ይፈልጋሉ። ፌሮ ማጠፉ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ ነው፤ ዘጠኝ ቀን ነበር። ብረቱ ዘግይቶ ስለመጣ አሥራ ሁለት ሆነ። አሥራ ሁለት ከአሥር ይበልጣል። ዓርብ ማታ ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት ቀዩን ክር ከአናጺዎቹ ካርድ ነቅዬ ጉጠት ካርድ ላይ ሰካሁት። ቅዳሜ ጠዋት ጎማው አነበበው። ረፋድ ላይ የጉጠት ጥርሶች ወለቁ።

እሁድ እናታችን ቤት ምሳ ላይ ወንድሜ የጣቶቹ አንጓ የተላጠ እጁን ከጠረጴዛው በታች ደብቆ በላ። እናቴ ምን ሆነህ ነው ስትለው መዶሻ ስቶ መታኝ አላት። እኔ እንድማር እሱ በአሥራ አምስት ዓመቱ መዶሻ የያዘ ሰው ነው፤ ይህን እሱ አንስቶት አያውቅም፣ እናቴ ግን ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። ሳንቃው እንዴት ነው አልሁት። ዓርብ ጀምረናል፣ ይደርሳል አለ። በዚያ ሳይት ላይ "አልደርስም" የሚል ሰው አልነበረም። ሁሉም ይደርሳል ነው የሚለው። እኔም ይደርሳልን ካርድ ላይ ጽፌ እሰካ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጉጠት መንጋጋው በጨርቅ ታስሮ ሥራ ገባ። ሰዎቹ በንዴት እየሠሩ ነበር፤ ጊዜ ለመቆጠብ ብለው የታጠፈውን ፌሮ እስር እስሩን ሳንቃ ሳይዘረጋለት አስቀድመው በክሬን ወደ ላይ እያስጫኑ፣ ሰባት ቀን ብቻ የሞላው ሦስተኛው ሶሌታ ጥግ ላይ ይቆልሉት ነበር። ጉጠት ኮንቴይነሩ በር ላይ አገኘኝ። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ በጉሮሮው ነበር የሚያወራው።

"የእኔን ቀን ቆጠርህ። የወንድምህን ብረት ቆጥረሃል?"

አልገባኝም። የትኛውን ብረት አልሁት።

"ሶሌታውን የሚደግፈውን። ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ከግድግዳህ በቀር።"

ሄድሁና ቆጠርሁ። መጀመሪያ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። የአራተኛው ሶሌታ ሳንቃ ግማሽ ላይ መድረስ ነበረበት። ሳንቃዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ የቆሙት ድጋፎች ሠላሳ አይሞሉም፣ እግራቸው ላይ የአሮጌ ሲሚንቶ እብጠት አለ። ከዚያ ስወርድ ሂሳቡ በጭንቅላቴ ውስጥ መዞር ጀመረ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ።

የብረት ድጋፍ ማለት ሶሌታው እስኪጠና ከሥሩ የሚያቆመው ቱቦ ነው። አዲሱ ሶሌታ ገና ጨቅላ ስለሆነ ክብደቱ በድጋፎቹ በኩል ወደ ታችኛው ይወርዳል፤ ስለዚህ የታችኛውም ድጋፍ አብሮ መቆየት አለበት። ሁለት ፎቅ ሁልጊዜ ተደግፎ ይቆማል፤ በሦስተኛው ሙሉ ድጋፍ ላይ አዲስ ሳንቃ ይዘረጋል። እኔ ዕቅዱን ሳወጣ ሦስት ሙሉ ድጋፍ ነበረ፤ ለየፎቁ መቶ ስልሳ። ከሁለት ሳምንት በፊት ጎማው አንዱን ሙሉ በሁለት የጭነት መኪና ጭኖ ወደ ሌላ ሳይቱ እንደወሰደው የማያውቅ አልነበረም። ለእኔ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ካርዶቼ "ስንት ቀን?" ይላሉ እንጂ "በምን?" አይሉም። በተማርሁበት አገር ዕቃ ከጎደለ ይታዘዛል፣ ይመጣል። ይህን አምጥቼ እዚህ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት።

ስለዚህ እውነተኛው መንገድ ይህ ነው። ለአራተኛው ሶሌታ የሚሆን ድጋፍ የሚገኘው ከሁለተኛው ሥር ነው። የሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛው አሥራ አራት ቀን ሳይሞላው አይነካም። አሥራ አራት፣ በላዩ የሳንቃው ስድስት፤ ሃያ። ፌሮ ማሰር የሚጀመረው በሃያኛው ቀን እንጂ በአሥራ ሁለተኛው አይደለም። ፌሮ ማጠፉ ስምንት ትርፍ ቀን አለው። ጉጠት ጥርሱን ኪሱ ሲከት ስምንት ቀን አብሮ ኪሱ ውስጥ ነበረው፤ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።

ታች፣ ሁለተኛው ሶሌታ ሥር፣ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ወንድሜ ከሁለት አናጺዎች ጋር ነው። አንድ ድጋፍ ይዘልላል፣ ቀጣዩን ከሥሩ መትቶ ይጥላል። ወለሉ ላይ የተጋደሙት ሃምሳ ይሆናሉ። ሰዎቹን ውጡ አልኋቸው፤ ወንድሜን አዩት፤ በአገጩ አመለከታቸውና ወጡ።

ጋሼ፣ ላይህ ላይ የሰባት ቀን አርማታ ነው ያለው አልሁት። እሱም ያውቃል። ከእኔ በፊት ሃያ ዓመት ያውቃል። አንድ እየዘለልሁ ነው የማነሳው፣ ይይዛል አለኝ። አይይዝም አልሁት። ለምን ድጋፍ የለኝም አትልም ነበር አልሁት። መዶሻውን አወረደ።

"ቅዳሜ ሰው ፊት የሰው መንጋጋ ሰብሬ፣ ሰኞ የዘገየሁት እኔ ነኝ ልበል?"

ግድግዳውን አስተካክላለሁ፣ ቀዩን እዚህ ላይ ነው የማዞረው አልሁት። ያን ጊዜ መታኝ። በመዶሻው እጀታ፣ ከጎኔ፣ እስትንፋሴ እስኪቆም። ስታጠፍ ፀጉሬን ይዞ ቀና አደረገኝና በጆሮዬ፣ በዝግታ፣ ያን ክር እኔ ላይ ካዞርኸው የጉጠት ሰዎች ይገድሉኛል፣ አንተ ነህ የምታስገድለኝ አለኝ። እውነቱን ነበር። ቅዳሜ ዕለት ሃያ ሁለቱ ሲያዩት ዓይናቸውን አይቻለሁ። ሲገፋኝ ዓምድ መታሁና ወደቅሁ። ተነሥቼ ስወጣ መዶሻው ዝም ብሎ ነበር።

ከዚያ እስከ ኮንቴይነሩ መቶ እርምጃ አይሆንም፤ የጎኔን አጥንት ይዤ ሁለት ጊዜ ቆምሁ። ክሩን ብተወው ወንድሜ ከሰው እጅ ይተርፋል፣ ሶሌታው ግን ይወርድበታል፤ እሱ ላይ ብቻም አይደለም። ባዞረው ሶሌታው ይተርፍ ይሆናል፣ እሱ ግን ከሰው እጅ አይተርፍም። ምን ዓይነት ሂሳብ ነው ይሄ ብዬ አሰብሁ። ትምህርት ቤት ለእንደዚህ ያለው ካርድ አልሰጡንም።

ካቦዎቹ ተሰብስበዋል፤ ፌራዮዎቹ በር ላይ ቆመዋል። ጎማው ገና ዛሬ ቀዩ ማን ላይ ነው ሳይል ቀይ ክሩን ከጉጠት ካርድ ላይ ነቀልሁት። ከሦስተኛው ሶሌታ ወደ አሥራ አራቱ ቀን፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሶሌታ ድጋፍ ማንሳት፣ ከዚያ ወደ ወንድሜ ሳንቃ ሳብሁት። እዚያ ላይ ግን አላቆምሁም። አዲስ ካርድ አወጣሁና "ሦስተኛው ሙሉ ድጋፍ፣ ይመለስ" ብዬ ጽፌ፣ ካቦው በሚለው ቦታ የጎማውን ስም አስፍሬ፣ የክሩን ጫፍ እሱ ላይ ወጋሁት። መቶ ስልሳው ድጋፍ ነገ ቢመጣ ሳንቃው ነገ ይጀመራል፣ የጉጠት ስምንት ትርፍ ቀን ወደ ሁለት ይወርዳል፤ ካልመጣ ማንም ቢደበደብ አይፈጥንም አልሁ። አሁኑኑ ደግሞ ከሁለተኛው ሶሌታ በታች ያለውን ድጋፍ መልሰን እናቁም፤ ግማሹ ተነሥቷል አልኋቸው።

ጎማው የመጀመሪያውን ፊቴ ላይ አሳረፈው። ጎማ ሲመታ ቶሎ አያምም፤ መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ያቃጥላል። ሁለተኛው አንገቴን አገኘው። ውጭ ተምረህ መጥተህ እኔን በክር ትሰቅላለህ እያለ ነበር። ሦስተኛውን ሊያነሳ ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ጉጠት ይዞታል።  ቀስ አድርጎ ጠመዘዘው፣ ሰውዬው በጣቶቹ ጫፍ እስኪቆም፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ እስኪተኛ፤ ከእጅ አንጓው የሆነ ነገር ቀጭ አለ። የያዘው ጎማ ከእጁ ወጥቶ መሬት ወደቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለ ከካቦዎቹ አንዱ፣ እስከ ዛሬ በታገሥነው በሁላችንም እያላገጠ።

በር ላይ ያሉት ፌራዮዎች ግን የሰሙት የወንድሜን ነው። ስምንት ቀን ትርፍ ያለውን ሰው እንደደበደበ ነው የሰሙት። ስዞር በሩ ባዶ ሆኗል። እየሮጡ ነው፤ እያንዳንዱ በእጁ ክንድ ተኩል የሚሆን ፌሮ ይዟል። ጉጠትም የሰውዬውን እጅ ለቅቆ ተከተላቸው። እኔ ከኋላቸው ነበርሁ፤ ጎኔ አያስኬደኝም።

ሕንጻው ጋር ሳይደርሱ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ እንደ ጥይት አንድ፣ ከዚያ ሁለት። ከዚያ መሬቱ ከእግራችን በታች ዘለለ። ጥጉ፣ ያ ሁሉ የታጠፈ ፌሮ የተቆለለበት ጥግ፣ ሦስተኛው ሶሌታ ሁለተኛው ላይ፣ ሁለቱም አንደኛው ላይ ወረዱ። አቧራው ሲመታን ዓይናችንን ጨፈንን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል የአገሬ ሰው፤ ፌራዮዎቹ ጠፍረው የቆለሉት፣ አናጺዎቹ ነቅለው ያሳሱት፣ ሁለቱም ከአንድ ክር ሲሸሹ ነው።

ሁለቱ አናጺዎች ውጭ ቆመው ይጮሃሉ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ወንድሜ መዶሻውን ጥሎ የነቀላቸውን ድጋፎች መልሶ ማቆም ጀምሯል። እናግዝህ ቢሉት ከሥሩ ማንም እንዳይገባ ብሎ በድንጋይ ነው ያባረራቸው። አሥራ ሰባት አቁሞ ነበር አሉኝ።

አቧራው ሲሳሳ እጁን አየነው፤ ከዚያ ፊቱን። ሁለት የቆሙ ድጋፎች መካከል ጠባብ ጎድጓዳ ውስጥ ተኝቷል፤ ግራ ክንዱ ከክርኑ በታች በአርማታው ጠርዝ ተይዟል። አይጮህም። ፌራዮዎቹ ከበላዩ ቆሙ፣ ፌሮ በእጃቸው፣ እንደመጡበት።  

ጉጠት የመጀመሪያውን ፌሮ አጠገቡ ከቆመው ሰው እጅ ነጠቀና ከአርማታው ጠርዝ ሥር ሰካው። ሌላው ሰካ። ሃያ ሁለቱም ሰኩ። በአንድ ላይ ሲጫኑት ጠርዙ አንድ ጣት ያህል ተነሣ፤ ጉጠት በሆዱ ገብቶ ወንድሜን በቀበቶው ይዞ ጎተተው። ክንዱ አብሮት የመጣ ይመስላል፣ አልመጣም ግን። ደሙን በሸሚዜ አሰርሁት። ወንድሜ ጉጠትን አየውና ምታኝ አለው። ጉጠት አልመታውም። ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ፤ የታሰረው አገጩ በአቧራ ነጥቷል።

"ስምንት ቀን ነበረኝ?"

ነበረህ አልሁት። በጥፊ መታኝ፤ አርማታው ላይ እስክቀመጥ። ከዚያ እጄን ይዞ አስነሣኝና የወንድሜን እግር አብረን ተሸከምን።

ጎማው ያን ቀን በመኪናው ወጥቶ አልተመለሰም። ፖሊስ ከቤቱ ወስዶታል የሚሉ አሉ፤ ሌላ ሳይት ላይ እጁ በጀሶ ታስሮ አይተነዋል የሚሉም አሉ። መቶ ስልሳው ድጋፍ በማግስቱ፣ ሳንጠይቅ፣ በሁለት መኪና ተመልሶ መጣ። የሌላ ሳይት ጭቃ አልደረቀበትም።

የወደቀውን ለማንሳት ብቻ ሁለት ወር ፈጀ፤ ክረምቱ ላያችን ላይ ገባ። ግድግዳውን እንደገና ሠራሁት። አሁን ካርዱ ላይ "በምን?" የሚል መስመር አለ፤ ሁለት ሥራዎች በአንድ ዕቃ የሚጠቀሙ ከሆነ በሰማያዊ ክር አስራቸዋለሁ። ጥሩ ግድግዳ ነው። ቀዩን ክር ከመስካቴ በፊት ግን አሁን ሄጄ ዕቃውን በዓይኔ እቆጥራለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ካቦዎቹ ተሰብስበው ነበር። ወንድሜ ግራ እጅጌው በመርፌ ቁልፍ ተቆልፎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከሐኪም ቤት ከወጣ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፣ ከጉጠት ጋር ሰላምታ እንኳ ሲለዋወጡ አላየሁም። ማንም ሳይጠይቀው ጉጠት እጁን አነሣ። ፌሮ ማጠፉ ቀዩ ላይ ነው፣ ሁለት ቀን እዘገያለሁ አለ። ዛሬ ነው ያወቅሁት፣ ስለዚህ ዛሬ እናገራለሁ አለ።

ኮንቴይነሩ ውስጥ ሁሉም፣ ማን ይማታ ይሆን ብሎ፣ የሁሉንም እጅ ተመለከተ። እኔም ተመለከትሁ። የተነሣ እጅ የለም፤ ሥራዬ ይሄ፣ ሰው ሳይመታ እዘገያለሁ እንዲል ማድረግ፣ ሳይሆን አይቀርም፣ ካርዱ ሰበብ ነው ብዬ አሰብሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ደክሟቸውም ሊሆን ይችላል።

ወንድሜ ወለሉን እያየ፣ የእኔ ሥራ አራት ትርፍ ቀን አለው፣ ሁለት ሰው መስጠት እችላለሁ አለ።

"የአንተ ሰዎች ፌሮ ማጠፍ አይችሉም" አለ ጉጠት።

"መሸከም ግን ይችላሉ።"

ጉጠት ካርዱን ራሱ ነቀለና አሥር የሚለውን ሠርዞ፣ አሥራ ሁለት ሳይሆን አሥራ አንድ ጻፈ። እስክርቢቶውን ሲመልስልኝ ጥርሶቹ የወለቁበት ቦታ ታየኝ።